ሱቁ ግድግዳ ላይ ስንት የባንክ ቁጥር ይለጠፍ?

አዲስ አበባ ውስጥ ከኮንዶሚኒየም ሥር ያለ አንድ ትንሽ ሱቅ ገብቶ ከመደርደሪያው በላይ ቀና ያለ ሰው የወረቀት መዓት ያያል። በእስክሪብቶ የተጻፈ የንግድ ባንክ ቁጥር፣ በፕላስቲክ የታሸገ የቴሌብር ኪውአር፣ ጫፉ የተላጠ የአዋሽ ባንክ ወረቀት፣ አንዳንዴም ባለሱቁ ራሱ የረሳው የቆየ አካውንት። የካርድ ማሽን ግን እምብዛም አይታይም፤ ቢኖርም ጥግ ላይ አቧራ ጠጥቶ ነው። የኤቲኤም ካርድ ያለው ሰው ጥቂት አይደለም፤ ካርዱን የሚጠቀምበት ግን ብር ለማውጣት ነው። ሱቅ ሲገባ ከኪሱ የሚያወጣው ስልኩን ነው፤ የሚጠይቀውም «በንግድ ባንክ ላስገባልህ?» ወይም «ቴሌብር አለሽ?» ብሎ ነው።

ይህ ልማድ የሰፋው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲሆን የሳፋሪኮም ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለ። በዚያው በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የነዳጅ ክፍያ በስልክ እንዲሆን ሲታዘዝ፣ እስከዚያ ድረስ ጥሬ ብር ብቻ ያውቅ የነበረ ሾፌር ሁሉ ቴሌብር ለመደ። ባንኮቹም እያንዳንዳቸው የስልክ መተግበሪያ አወጡ። በዚህ ሁሉ መካከል ባለሱቁ ቁጭ ብሎ አላሰበበትም፤ አንድ ደንበኛ «ዳሽን የለህም እንዴ?» ባለው ቁጥር አካውንት እየከፈተ አንድ ወረቀት ለጠፈ። አካውንት መክፈት ቀላል ስለሆነ ወረቀቱ በዛ። ከባዱ ነገር ግን አካውንት መክፈት ሳይሆን የተከፈቱትን መጠበቅ ነው፤ አምስት አካውንት ያለው ባለሱቅ ብር መግባቱን የሚያረጋግጥበት ቦታም አምስት ነው። የእኔ አቋም ሁለት ይበቃል፣ ቢበዛ ሦስት የሚል ነው። የትኞቹ ሁለት የሚለውን ግን ግምት ሳይሆን ቆጠራ ነው የሚመልሰው።

ቆጠራው ከባድ አይደለም። ለአንድ ሳምንት ያህል የዱቤ ደብተሩ ጀርባ ላይ በየክፍያው አንድ ጭረት ማድረግና ከጎኑ የብሩን መጠን መጻፍ ነው። የብሩን መጠን መጻፉ መዘለል የለበትም፤ ለምን እንደሆነ በምሳሌ እንየው። ጀሞ አካባቢ ያለች አንዲት የሸቀጥ ሱቅ በሳምንት 700 ጊዜ ሸጠች እንበል። 430ው በጥሬ ብር፣ 150ው በንግድ ባንክ፣ 75ቱ በቴሌብር፣ የቀሩት 45ቱ ደግሞ በአዋሽ፣ በአቢሲኒያ፣ በዳሽን፣ በኤምፔሳና በመሳሰለው ተከፈሉ። ጭረቱን ብቻ ያየ ባለሱቅ «ሥራዬ በጥሬ ብር ነው» ይላል። ብሩ ሲደመር ግን ሌላ ታሪክ ይወጣል። በጥሬ ብር የሚገዛው ዳቦና ማስቲካ ገዢ ነው፤ በአማካይ 60 ብር ቢከፍል ድምሩ 25,800 ብር ነው። በንግድ ባንክ የሚያስተላልፈው ግን የሳምንት አስቤዛ የሚጭነው ሰው ነው፤ በአማካይ 420 ብር ቢከፍል 63,000 ይሆናል። ቴሌብሩ በአማካይ 200 ብር ሆኖ 15,000፣ ሌሎቹ ባንኮች ሲደመሩ 18,000 ቢሆኑ የሳምንቱ ሽያጭ 121,800 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላዩ የገባው በአንድ የባንክ አካውንት ነው። እንግዲህ ሌባም ስህተትም የሚጎዳት እዚያ ነው፤ ጥንቃቄዋም እዚያ ላይ መበርታት አለበት።

ከቆጠራው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ገንዘቡ ነገ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። ብዙ ሰው አካውንት የሚመርጠው ደንበኛው ከየት እንደሚልክ አይቶ ብቻ ነው። ባለሱቋ ግን ራሷም ከፋይ ናት። ዘይትና ስኳር የሚያመጣላት የመርካቶ ጅምላ ነጋዴ በምን ይቀበላል? የለስላሳና የውኃ አከፋፋዩስ? ጅምላ ነጋዴው የንግድ ባንክ አካውንት ካለው ከደንበኛ የገባው ብር እዚያው ባንክ ውስጥ ከአንድ አካውንት ወደ ሌላው ይዞራል፤ ሳይዘገይ ይደርሳል፣ ወጪውም ቀላል ነው። አቢሲኒያ የተጠራቀመ ብር ይዞ ንግድ ባንክ ያለውን አከፋፋይ መክፈል ግን በባንኮች መካከል ማስተላለፍን ይጠይቃል፤ ይህም የራሱ ክፍያና የራሱ መዘግየት አለው። ለጀሞዋ ሱቅ ሦስተኛ አካውንት የሚያስፈልጋት ከሆነ የሚመረጠው ከእነዚያ 45 ክፍያዎች ውስጥ ብዙ ጭረት ያለው ባንክ ላይሆን ይችላል። አንዱ ዋና አቅራቢዋ የሚቀበልበት ባንክ ይበልጣል።

ቴሌብር ላይ የገባው ብርም የራሱ መውጫ ይፈልጋል። የሱቁን መብራት፣ ለሽያጭ የሚሞላውን የሞባይል ካርድ፣ መኪና ወይም ሞተር ካለም ነዳጁን ከዚያው መክፈል ይቻላል። በዚህ መንገድ የሚወጣ ብር ወደ ባንክ ተዛውሮ የማዛወሪያ ክፍያ አይቆረጥበትም። የቀረውን ማዛወር ግድ ከሆነም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከማንቀሳቀስ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ማድረጉ ይሻላል።

ስለ ክፍያ ካነሳን አንድ የሚሳሳቱበት ስሌት አለ። ሰው ለሰው ሲልክ በአብዛኛው ክፍያው የሚቆረጠው ከላኪው ነው፤ ባለሱቁ 500 ብር ከተባለ 500 ይገባለታል። የነጋዴ አካውንት ላይ ግን ኮሚሽኑ ከሻጩ ሊቆረጥ ይችላል። ታሪፉ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን ከወኪል አፍ ሳይሆን ከውሉ ላይ ማንበብ ይገባል። ለምሳሌ ያህል ኮሚሽኑ ከመቶ አንድ ነው እንበል። «አንድ ፐርሰንት ምን አላት» ይባላል። የጀሞዋ ባለሱቅ በቴሌብር በሳምንት የምትሸጠው 15,000 ብር ነው፤ አንድ ፐርሰንቱ 150 ብር ይሆናል። ዕቃዋ ዘይትና ስኳር ከሆነ ትርፏ ከመቶ አምስት ቢደርስ ነው፤ ከ15,000 ብር ሽያጭ የምታገኘው 750 ብር ማለት ነው። 150 ብሩ እንግዲህ ከሽያጩ አንድ መቶኛ ይሁን እንጂ ከትርፏ አንድ አምስተኛ ነው። ኮስሞቲክስ የሚሸጠውና ከመቶ 30 የሚያተርፈው ጎረቤቷ ግን ያንኑ ኮሚሽን ከፍሎ አይሰማውም። ኮሚሽን ከትርፍ አንጻር እንጂ ከሽያጭ አንጻር መታየት የለበትም፤ ስለዚህም ለአንዱ ሱቅ የሚመከረው ለጎረቤቱ ላይመከር ይችላል።

ታዲያ ለምን በግል ቁጥር ዝም ብሎ አይቀበሉም? ብዙዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ንግድ ፈቃድና ቲን አይጠየቅም፣ ኮሚሽንም የለም። ጉዳቱ ቆይቶ ነው የሚታየው። የግል የሞባይል ገንዘብ አካውንት እንደ ደረጃው የሚይዘው መጠንና በቀን የሚያንቀሳቅሰው መጠን ተወስኗል፤ ገበያ በሞቀበት በበዓል ዋዜማ ጣሪያው ላይ ደርሶ «አይገባም» ሊል ይችላል። ሌላው ብዙ ጊዜ የማይነሳ ነገር የስልክ ቁጥሩ ራሱ ነው። ቁጥሯን ግድግዳ ላይ የለጠፈች ሴት ባለሱቅ ማታ ማታ የማታውቀው ሰው ሲደውልባት ማየት ብርቅ አይደለም። የነጋዴ አካውንት የራሱ አጭር ቁጥር ወይም ኪውአር ስላለው ስልኳን ይሸፍንላታል፤ ለእኔ ይህ ብቻውን ኮሚሽኑን ያዋጣል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። በትንሽ ሱቅ የሞባይል ክፍያ ኪሳራ በብዛት የሚመጣው ከኮሚሽን አይደለም፤ ብሩ ሳይገባ ዕቃው ሲወጣ ነው። ደንበኛው ስልኩን አዙሮ ያሳያል፤ አረንጓዴ ምልክት፣ የባለሱቁ ስም፣ የብሩ መጠን ሁሉም አለ። ወረፋ ስላለ ሻጩ «እሺ» ይላል። ያ ምስል ግን የሚያሳየው የደንበኛውን ስልክ እንጂ የሱቁን አካውንት አይደለም። ስክሪንሾት በደቂቃ ውስጥ ይሠራል፤ የትናንትናው ደረሰኝ ቀኑ ተቀይሮ ይቀርባል፤ እውነተኛ ደረሰኝም ቢሆን ጠዋት አንዱ፣ ከሰዓት ጓደኛው ሊያሳየው ይችላል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ ማረጋገጫ የሚባለው ወደ ሻጩ ስልክ የመጣው ብቻ ነው።

እሱም ቢሆን መነበብ አለበት። የባንኮቹ መልእክት ብዙ ጊዜ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሁለት ቃል መለየት ግድ ነው። `Credited` የሚል ከሆነ ወደ አካውንቱ ገብቷል፤ `debited` የሚል ከሆነ ከአካውንቱ ወጥቷል። ደንበኛው የራሱን መልእክት አሳይቶ «ይኸው ባንኩ ጽፎልኛል» ሲል የሚያሳየው ከእሱ መውጣቱን ነው። ወጣ ማለት ደግሞ ገባ ማለት አይደለም፤ በተለይ ከሌላ ባንክ ከሆነ በሁለቱ መካከል ሊቆም ይችላል።

የተጭበረበረ መልእክት በራሱ በሻጩ ስልክ ላይም ይመጣል። አታላዩ የባንኩን አጻጻፍ ቃል በቃል ገልብጦ ይልካል። የላኪውን ስም ማየት ጥሩ መነሻ ነው፤ የንግድ ባንክ መልእክት `CBE` በሚል ስም፣ የቴሌብሩ ከ127 ይመጣል፤ በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ተራ ቁጥር የመጣ «የባንክ መልእክት» ሐሰት ነው። ከዚህ የሚጠነክረው መለያ ግን ብዙ ሰው ሳያነብ የሚዘለው የመልእክቱ መጨረሻ ላይ ያለው ቀሪ ሂሳብ ነው። አታላዩ የሱቁን ቁጥርና የባለሱቁን ስም ከግድግዳው ላይ ያነባል፤ አካውንቱ ውስጥ ስንት ብር እንዳለ ግን አያውቅም። ከዚህ ክፍያ በፊት 12,340 ብር ከነበረና 650 ከተላከ አዲሱ ቀሪ 12,990 መሆን አለበት። `Current Balance` የሚለው ላይ 48,000 ምናምን ከተጻፈ፣ ወይም ቀሪው ጨርሶ ከሌለ፣ ዕቃው ከባንኮኒው አይነሳም። ልምድ ያለው ሻጭ መደመሩን በቃሉ ነው የሚሠራው።

የደረሰኝ ቁጥሩም የሚናገረው አለው። የንግድ ባንክ የማስተላለፊያ ቁጥር በ`FT` ይጀምርና ቀጥሎ ያሉት ሁለት አኃዞች የፈረንጅ ዓመቱን፣ ሦስቱ ደግሞ በዚያ ዓመት ውስጥ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ያሳያሉ። `FT25074` ብሎ የሚጀምር ቁጥር የፈረንጅ 2025 ዓመት 74ኛ ቀን ነው፤ በእኛ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት ነው። ሰኔ ላይ ቆሞ ይህን ቁጥር የያዘ ደረሰኝ «አሁን የላክሁት ነው» የሚል ሰው ካለ መልሱ ግልጽ ነው። የባንኩ የሥራ ቀን ከቀን መቁጠሪያው ሊለይ ስለሚችል የአንድ ቀን ልዩነት ማንንም አያስወነጅልም፤ የሳምንታት ልዩነት ግን ይናገራል። ሰዓቱም እንዲሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጻፍ 14:20 ማለት ከቀኑ 8:20 መሆኑን ሻጩ ማወቅ አለበት፤ አለዚያ እውነተኛውን ደንበኛ አታላይ አድርጎ ይጣላዋል።

መልእክቱ ቢዘገይስ? ይዘገያል፤ ኔትወርክ በተጨናነቀ ሰዓት በተለይ። ያን ጊዜ ደንበኛውን ማስቆምም ማመንም ሳያስፈልግ ሻጩ ራሱ ቀሪ ሂሳቡን ማየት ነው፤ ከመተግበሪያው ወይም ኢንተርኔት ከሌለ ለንግድ ባንክ *889#፣ ለቴሌብር *127# በመደወል። እነዚህ አጭር ቁጥሮች ዳታ አይጠይቁም። ደንበኛውም ስማርት ስልክ ባይኖረው ወይም ዳታ ቢያልቅበት በእነዚሁ መክፈል ይችላል፤ ይህን የሚያውቅ ሻጭ የሚያመልጠው ሽያጭ ያንሳል።

እዚህ ላይ ግን አንድ እንቅፋት አለ። መልእክቱ የሚመጣው በባለቤቱ ስልክ ላይ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ መርካቶ ዕቃ ሊያመጣ ሄዷል። ሱቅ ያለው ልጅ በየደቂቃው እየደወለ «ገባ?» ይላል። ባለቤቱ ሁለቴ ካነሳ በኋላ ሦስተኛው ላይ ሳያይ «አዎ ገብቷል» ይላል። ይህን መፍታት ሳይቻል ስለ የትኛው ባንክ ማውራት ዋጋ የለውም። አንዳንዱ ባለሱቅ የሚስጥር ቁጥሩን ለልጁ ይሰጣል፤ ይህ ማየትን ብቻ ሳይሆን ማውጣትንም መስጠት ነው። የሚሻለው አሠራር ለሱቁ የተለየ አካውንት ከፍቶ የገቢ መልእክቱ ሱቅ ውስጥ በሚቀመጥ ተራ ስልክ ላይ እንዲደርስ፣ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው መተግበሪያ ደግሞ በባለቤቱ ስልክ ላይ እንዲሆን ባንኩን መጠየቅ ነው። የነጋዴ አካውንት የሚሰጥ ድርጅት ከሆነም ክፍያ ማየት ብቻ የሚችል የሻጭ መግቢያ እንዳለው አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። በሁለት አማራጮች መካከል ስወስን እኔ ከኮሚሽኑ በፊት የምጠይቀው ይህንን ነው፦ ባለቤቱ በሌለበት ሻጩ በምን ያረጋግጣል?

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ ትንሽ ደብተር አለ። ሻጩ ለእያንዳንዱ የስልክ ክፍያ ሰዓቱን፣ የብሩን መጠን፣ የከፋዩን ስምና የማስተላለፊያ ቁጥሩን የመጨረሻ አራት ፊደልና ቁጥር ይጽፋል። ያው ደረሰኝ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ደብተሩ ላይ ይገኛል። ማታ ሱቁ ሲዘጋ ደብተሩ ከአካውንቱ ዝርዝር ጋር ይተያያል፤ ደብተሩ ላይ ኖሮ አካውንቱ ላይ የሌለ ክፍያ ካለ የተሸጠው በስክሪንሾት ነው ማለት ነው። ይህን በዚያው ማታ ያገኘ ሰው ደንበኛውን ያስታውሰዋል፤ በወሩ መጨረሻ ያገኘ ግን ጉድለቱን እንጂ ሰውዬውን አያገኝም።

ኪውአር የለጠፈ ሱቅ ደግሞ ጠዋት ሲከፍት በራሱ ስልክ አንዴ ስካን አድርጎ የሚወጣውን ስም ይይ። በላዩ ላይ ሌላ ኪውአር ቢለጠፍበት ደንበኛው በቅንነት ከፍሎ ይሄዳል፣ ብሩ ግን ሌላ ሰው ጋ ይገባል። የአካውንት ቁጥር ሲለጠፍም አካውንቱ ላይ የተመዘገበው ሙሉ ስም በትልቁ አብሮ ይጻፍ፤ ደንበኛው 13 አኃዝ ሲነካ አንዱን ቢስት መተግበሪያው የሚያሳየው ስም ያስቆመዋል። «እታለም ሱቅ» ብሎ ጽፎ አካውንቱ በወንድሟ ስም ከሆነ ግን ደንበኛው ስሙን ባየ ቁጥር ይጠራጠራል።

ከሌላ ባንክ የሚመጣ ክፍያ ለብቻው መታየት አለበት። ደንበኛው ከዳሽን ወደ ሱቁ የንግድ ባንክ አካውንት ሲልክ ብሩ የሚያልፈው የባንኮቹ የጋራ ተቋም በሆነው በኢትስዊች በኩል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይደርሳል። አንዳንዴ ግን ከደንበኛው ተቆርጦ ሱቁ ጋ ሳይገባ ይቆያል፤ እዚህ ላይ ማንም አታላይ የለም፣ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። ጠቡ የሚነሳውም ለዚህ ነው። የሚበጀው ሱቁ አስቀድሞ አቋም መያዙ ነው። የማያውቁት ሰው ከሆነ ዕቃው ተለይቶ በስሙ ይቀመጥለታል፣ ብሩ ሲገባ ወይም ሲመለስለት ይመጣል፤ የሰፈር ደንበኛ ከሆነ ዱቤ ደብተር ላይ ሰፍሮ ዕቃውን ይወስዳል። ስለ ቆመው ብር ለባንክ ማመልከት ያለበት ላኪው ነው፤ የተቆረጠው ከእሱ አካውንት ስለሆነ ጥያቄውን የሚቀበለውም የእሱ ባንክ ነው። ባለሱቁ የማስተላለፊያ ቁጥሩን ይዞ መጠበቅ እንጂ ለማያውቀው ሰው «በስህተት የላክኸው ነው» ተብሎ በስልክ ሲጠየቅ ብር መመለስ የለበትም። ይህ ራሱ የታወቀ የማታለያ ዘዴ ነው፤ መልእክቱ ሐሰት፣ የሚመለሰው ብር ግን እውነተኛ ይሆናል።

ለምን ሁለት፣ ለምን አንድ ብቻ አይሆንም? መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ቅዳሜ ያስታውሳሉ? ከዋዜማው ሌሊት ጀምሮ የንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በደረሰ ችግር አንዳንድ ደንበኞች ካላቸው በላይ ብር ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር፤ ባንኩ ይህን ለማስቆም አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋረጠ። አገሪቱ ውስጥ ትልቁ ባንክ ሲቆም በዚያ ብቻ የሚቀበል ሱቅም አብሮ ቆመ። ከዚያ ያነሰ፣ ዜና የማይሆን መቋረጥ ደግሞ የተለመደ ነው። ስለዚህ ሁለቱ አማራጮች በአንድ ጊዜ የማይወድቁ ይሁኑ፤ አንዱ ባንክ፣ ሌላው የሞባይል ገንዘብ። ሁለት የባንክ አካውንት ብቻ ከመያዝ ይህ ይሻላል። ሱቁ የሚገኘው የሳፋሪኮም ሲም በብዛት በሚያዝበት ሰፈር ከሆነና ቆጠራው ካሳየ ኤምፔሳ የቴሌብርን ቦታ ሊይዝ ወይም ሊጨመር ይችላል። መሳቢያው ውስጥ ያለው ዝርዝር ብርም አይረሳ፤ መብራትና ኔትወርክ አብረው ሲጠፉ የሚሠራው እሱ ብቻ ነው።

የአካውንቱ ባለቤትነት ላይም ጥቂት ልበል። የሱቁ ብር በግል አካውንት ሲገባ የሚደባለቀው ከደመወዝ ጋር ብቻ አይደለም። የዕቁብ ዕጣ ይገባል፣ ከአሜሪካ እህት የላከችው ይገባል፣ የዕድር ገንዘብ ያዥ የሆነ ሰው የዕድሩም ይገባል። በሌላ ቀን ግብር ሰብሳቢው የአካውንቱን እንቅስቃሴ ቢያይ 200,000 ብር የዕቁብ ዕጣ ከሽያጭ የሚለየው ምልክት የለውም፤ ዕቁብ ነው ብሎ ማስረዳት የባለሱቁ ዕዳ ይሆናል። የሱቅ አካውንት የሱቅ ብቻ ከሆነ ክርክሩ አይነሳም። ጥቅሙም ከመከላከል ያልፋል። ቴሌብር ከዳሽን ባንክ ጋር እንደ መላና እንደኪሴ ያሉ ብድሮችን፣ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም ምቹ የተባለውን ያለ መያዣ የሚሰጥ ብድር አምጥተዋል። በአምስት አካውንት የተበታተነ ሽያጭ ያለው ነጋዴ ለአበዳሪ የሚያሳየው አምስት ትንንሽ ሱቅ ነው።

የካርድ ማሽኑስ? ባንኮች ፖስ ማሽን ሲያቀርቡ ብዙ ጊዜ «ዋጋ የለውም» ይላሉ። ማሽኑ ዋጋ ባይኖረውም ከሽያጩ የሚቆረጥ ኮሚሽን ሊኖር ይችላል፤ ብሩ አካውንት የሚገባው መቼ እንደሆነ መጠየቅ አለበት፣ ቻርጅና ኔትወርክም ይፈልጋል። ከውጭ አገር የሚመጡ እንግዶች ለሚገቡበት የስጦታ ዕቃ ሱቅ፣ ወይም ከሆቴል አጠገብ ላለ ሱቅ፣ በውጭ ካርድ የሚከፍል ሰው ስላለ ማሽኑ ያዋጣል። ከኮንዶሚኒየም ሥር ላለ የሸቀጥ ሱቅ ግን የሳምንቱ ቆጠራ ላይ በካርድ ልክፈል ያለው ሰው ከሁለት ካልበለጠ ማሽኑን አይቀበሉ።